ሪያሊዝም ወይስ ሊበራሊዝም? በ1928ቱ ጦርነት ነዳጅ ለምን ከማዕቀቡ ቀረ?

ማራኪ ግቢ

እንደምን ዋላችሁ የዚህ መድረክ ሰዎች። በዓለም አቀፍ ግንኙነት መግቢያ ኮርስ የሴሚናር ሥራ ተሰጥቶናል። ሪያሊዝምንና ሊበራሊዝምን በአንድ እውነተኛ ታሪክ አስረዱ ነው የተባልነው። ቡድናችን የ1928ቱን የጣሊያን ወረራና የመንግሥታት ማኅበርን ጉዳይ መርጧል።

አንዱ የቡድናችን ልጅ «ማኅበሩ ቃሉን አልጠበቀም፣ ጉልበተኛው ያሻውን አደረገ፣ ስለዚህ ሪያሊዝም ትክክል ነው» ብሎ ጽፎ ጨርሷል። እኔ ግን ሁለት ነገር አልዋጥልህ አለኝ። ሁሉም ጥቅሙን ብቻ የሚያይ ከሆነ፣ ሃምሳ ያህል አገሮች ለሩቅ አገር ብለው ጣሊያን ላይ ማዕቀብ ለምን ጣሉ? ከጣሉ ደግሞ የጦር መኪናውንና አውሮፕላኑን የሚያንቀሳቅሰውን ነዳጅ ለምን ተዉት? ሁለቱ ወገኖች ለዚህ ምን ይመልሳሉ? ዓመቶቹ እንዳይምታቱብን በፈረንጅ አቆጣጠር ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል።

የፋሲል ጥላ

ይህን ኮርስ አምና ወስጄዋለሁ፤ ብዙ አትጨነቂ። ሪያሊስቶች ሰው በተፈጥሮው ክፉ ነው ይላሉ፣ ስለዚህ አገሮችም መዋጋታቸው አይቀርም። ሊበራሎች ሰው ደግ ነው ይላሉ፣ ስለዚህ ተነጋግሮ መስማማት ይቻላል። ሙሶሊኒ ሪያሊስት ነበር፣ ጃንሆይ ሊበራል ነበሩ። ጃንሆይ ጄኔቭ ላይ ሕግ ጠቀሱ፣ ሙሶሊኒ የመርዝ ጋዝ ረጨ። ማን እንዳሸነፈ ይታወቃል። ሃምሳዎቹ አገሮች ደግሞ ለይስሙላ ነው ያደረጉት። የቡድንሽ ልጅ ልክ ነው።

የአዘዞው መምህር

ልጄ ማራኪ፣ ጥያቄሽ መልካም ነው፤ ሁለቱንም አትልቀቂያቸው።

የፋሲል ጥላ፣ የጻፍከው ግማሹ ደህና ነው። ግን ከደግና ከክፉ ከጀመራችሁ ሴሚናሩ ገና ከመነሻው ይሰናከላል። የሰውን ተፈጥሮ እንደ ሞርገንታው ያሉ የቀድሞ ሪያሊስቶች ያነሱታል፤ ከዋልዝ በኋላ የመጡት ግን ስለ ሰው ልብ አንዳች ሳይናገሩ ነው የሚነሱት። መነሻቸው ከአገሮች በላይ ዳኛ የለም የሚል ነው። አንድ አገር ሲበደል የሚጮህበት ችሎት፣ ፍርዱን የሚያስፈጽምለት ፖሊስ የለውም። ስለዚህ ደግ መሪም ቢሆን ጎረቤቱ ነገ ምን እንደሚሆን ስለማያውቅ ዛሬ የራሱን ጉልበት ይቆጥራል፣ የጎረቤቱንም ይቆጥራል። ፍርሃቱ የሚመጣው ከቦታው ነው፤ ክፋት አያስፈልገውም።

ብዙ ተማሪ የሚስተው ደግሞ ይህን ነው፦ ሊበራሎችም ዳኛ አለ አይሉም። እነሱ የሚሉት፣ ዳኛ ባይኖርም እንኳ አገሮች ደጋግመው የሚገናኙበት ማኅበር ካለ፣ ንግድ ካስተሳሰራቸው፣ መንግሥታቱም ለመራጭ ሕዝብ የሚጠየቁ ከሆኑ ስሌታቸው ይለወጣል ነው። ቃል ማፍረስ ዋጋ ያስከፍላል፤ ተባብሮ መቆም ያዋጣል። ስለዚህ አንደኛው ወገን ጥቅም፣ ሌላኛው ሥነ ምግባር ይላል ብላችሁ አትከፋፍሏቸው። ሁለቱም ስለ ጥቅም ነው የሚያወሩት። የሚለያዩት የአንድን አገር ጥቅም ምን ይወስነዋል በሚለው ላይ ነው።

የመንግሥታት ማኅበር የቆመበት ሐሳብ አባቶቻችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚሉት ነው። የማኅበሩ ቃል ኪዳን አንቀጽ 16፣ ቃሉን አፍርሶ ጦርነት የከፈተ አባል በሌሎቹ አባላት ሁሉ ላይ ጦርነት እንደከፈተ ይቆጠራል ይላል። ሪያሊስቱ «ድሩን የሚይዙት እጆች የተለያየ ፍርሃት አላቸው» ብሎ ይመልሳል። የእናንተ ታሪክ ይህን ይፈትነዋል።

ጃንሆይንም የዋህ አታድርጓቸው። በ1906 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ምኒልክን ሳያማክሩ ኢትዮጵያን በጥቅም ቀጠና የሚለይ ውል ተፈራርመዋል። ራስ ተፈሪ በ1923 አገሪቱን የማኅበሩ አባል ያደረጉት ይህን እያወቁ ነው። የጦር ፋብሪካ የሌለው አገር አባልነቱን እንደ ጋሻ ያዘ። ይህን ሥራ ሪያሊስትም ሊበራልም «የእኔ ነው» ሊል ይችላል።

ጎርጎራ ዳር

እኔ ርዕሱን ሳየው ስለ ዓባይ መስሎኝ ነው የገባሁት። የዛሬውን ትታችሁ የዱሮውን ምን አስነሣችሁ? ግድቡን ውሰዱ፤ ግብፅ በጉልበት ታስፈራራለች፣ እኛ በድርድር እንላለን። ሪያሊዝምና ሊበራሊዝም ማለት ይኸው አይደለም? ጣና ዳር ለምንኖር ሰዎች የሚገባን የውሃው ነገር ነው።

የአዘዞው መምህር

ጎርጎራ ዳር፣ ግድቡ የራሱ ክር ይገባዋል፤ እዚህ ከከፈትነው የልጂቱ ጥያቄ ይዋጣል። ጣናን ማንሣትህ ግን ለእሷ ጠቅሟታል፤ በዚያው ማኅበር ፊት ቀድሞ የቀረበው ክስ የጣና ጉዳይ ነበርና።

እንግሊዝ ለሱዳንና ለግብፅ እርሻ የሚሆን ውሃ ለማቆየት ጣና አፍ ላይ ግድብ መሥራት ትፈልግ ነበር። ጣሊያን ደግሞ ኤርትራን ከሶማሊያ የሚያገናኝ፣ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ የሚያልፍ የባቡር መንገድ ትመኝ ነበር። በዲሴምበር 1925 ሁለቱ ደብዳቤ ተለዋወጡና አንዱ የሌላውን ጥያቄ አዲስ አበባ ላይ ሊደግፍ ተስማሙ። ባለቤቷን የጠየቀ አልነበረም። ራስ ተፈሪ ነገሩን ሲሰሙ በ1926 ለማኅበሩ አቤቱታ አቀረቡ፤ አባል የሆነች አገር ላይ ሁለት አባላት ተመካክረው ጫና ለማድረግ ተነሥተዋል አሉ። ለንደንና ሮም «ማስገደድ አላሰብንም» የሚል መልስ ሰጡ። ግድቡም ባቡሩም ቀረ።

ማራኪ፣ እዚህ ላይ አተኩሪ። ያው ማኅበር፣ ያው ሦስት አገሮች ናቸው። በ1926 አቤቱታው ሠራ፤ በ1935 አልሠራም። «ማኅበሩ ባዶ ነበር» የሚል ሰው የመጀመሪያውን ማስረዳት ይቸግረዋል፤ «ማኅበሩ ኃይል ነበረው» የሚል ደግሞ ሁለተኛውን። በመካከላቸው የተለወጠውን ፈልጉ። በ1926 የተጠየቀው ሁለት ኃያላን አንድ ወረቀት እንዲተዉ ብቻ ነበር፤ በአደባባይ መጋለጡ በቂ ዋጋ ሆነባቸው። ፈረንሳይም ሳትጠየቅ መቅረቷ አላስደሰታትም፤ ይህ ለሪያሊስቱ የሚቆጠር ነው። በ1935 ግን ጣሊያን ብዙ መቶ ሺህ ሠራዊት አሻግራ አስፍራለች፤ ሂትለርም በርሊን ላይ ተቀምጧል።

ማራኪ ግቢ

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የ1926ቱን ሰምቼው አላውቅም ነበር። ወደ ነዳጁ ብንመለስ፣ ማን ምን ብሎ እንደቀረ በቅደም ተከተል ይነግሩኛል?

የአዘዞው መምህር

እሺ ልጄ። ጣሊያን መረብን የተሻገረው ኦክቶበር 3፣ 1935 ነው። በአራተኛው ቀን የማኅበሩ ምክር ቤት ጣሊያን ቃል ኪዳኑን አፍርሳለች ብሎ ወሰነ። ለማኅበር ይህ ፈጣን ነው። ማዕቀቡ ሥራ ላይ የዋለው ኖቬምበር 18 ነው። ለጣሊያን መሣሪያ መሸጥ፣ ብድር መስጠት፣ ከጣሊያን ዕቃ መግዛት ተከለከለ፤ እንደ ጎማና ቆርቆሮ ያሉ ጥሬ ዕቃዎችም ወደ ጣሊያን እንዳይሄዱ ታገደ። ነዳጅ፣ ከሰል፣ ብረት ግን ዝርዝሩ ውስጥ አልገቡም። የተሰጠው ምክንያት፣ አሜሪካና ጀርመንን የመሳሰሉ አባል ያልሆኑ አገሮች ሊሸጡላት ስለሚችሉ እኛ ብንከለክል ከንቱ ነው የሚል ነበር።

በኖቬምበር መጀመሪያ የካናዳው መልእክተኛ ሪድል ነዳጅም ከሰልም ብረትም ይጨመር ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ ደጋፊ አገኘ። ዲሴምበር 2 ግን የገዛ መንግሥቱ «ያ የእሱ የግል አስተያየት ነው» ብሎ ካደው። ጉዳዩ ኖቬምበር 29 ሊታይ ሲል የፈረንሳዩ ላቫል እንዲዘገይ ጠይቆ ነበር፤ ወደ ዲሴምበር 12 ተዛወረ፤ ያኔም ሳይወሰን ቀረ። በፌብሩዋሪ 1936 የባለሙያዎች ኮሚቴ ስሌቱን አቀረበ። አቅራቢዎች ሁሉ ቢያቆሙና አሜሪካም ሽያጭዋን በቀድሞው መጠን ብትወስን የጣሊያን ክምችት በሦስት እስከ ሦስት ወር ተኩል ያልቃል አሉ። ማርች 7 ሂትለር ጦሩን ራይንላንድ አስገባ። ከዚያ ቀን ወዲህ ፓሪስ ውስጥ ስለ ኢትዮጵያ ነዳጅ የሚሰማ ጆሮ አልተገኘም።

እንግዲህ ሪያሊስቱ የሚያነበው እንዲህ ነው። የፈረንሳይ ቁጥር አንድ ፍርሃት ጀርመን ነበረች። ላቫል በጃንዋሪ 1935 ሮም ሄዶ ከሙሶሊኒ ጋር የተዋዋለው፣ በኤፕሪልም ሦስቱ አገሮች ስትሬዛ ላይ የተሰበሰቡት ጀርመንን ለመክበብ ነው። ለዚያ ሚዛን ጣሊያን ታስፈልጋለች፤ ኢትዮጵያ ሚዛኑ ላይ የለችም። እንግሊዝም የሜዲትራኒያን መርከቦቿ ብቻቸውን ከጣሊያን ጋር እንዳይገጥሙ፣ እሷ ስትዳከም ሩቅ ምሥራቅ ላይ ጃፓን እንዳትነሣ ፈራች። ስለዚህ ሁለቱም የሚያናድድ እንጂ የማያስቆም ማዕቀብ መረጡ።

የፋሲል ጥላ

ታዲያ እኔስ ምን አልኩ? ደግና ክፉውን ልተወው፤ ግን መምህር ራስዎ ሪያሊዝም ልክ ነው እያሉ ነው።

የአዘዞው መምህር

አላልኩም። ሪያሊዝም አንድ ምክር ብቻ ይሰጣል ብለህ ነው። አንዱ ሪያሊስት «ጣሊያንን አታስቀይሙ፣ ለጀርመን ታስፈልጋለች» ይላል። ሌላው ሪያሊስት ደግሞ «ጣሊያንን አሁን በባሕር ኃይል አስቁሙ፤ ካለፈች ሂትለር ልባችሁን ያውቃል» ይላል። ሁለቱም ጉልበት ቆጥረው ነው። እንግሊዝና ፈረንሳይ ከሁለቱ አንዱን አልመረጡም። ግማሽ ማዕቀብ ጥለው ጣሊያንን አስቀየሙ፣ ኢትዮጵያንም አላዳኑ። በኦክቶበር 1936 ሙሶሊኒ ከሂትለር ጋር ተወዳጀ። እንዲህ ያለ ውጤት በየትኛውም የሪያሊስት መጽሐፍ ውስጥ እንደ ብልህ ስሌት አይጻፍም። ለምን ግማሽ መንገድ ሄዱ ብለህ ስትጠይቅ ወደ አገር ውስጥ ማየት ግድ ይሆናል፤ ሪያሊስቱ ደግሞ የአገርን ውስጥ ማየት አይወድም።

ሰሊጥ ነጋዴ

እኔ ተማሪ አይደለሁም፤ ልጄ ይህን ኮርስ ትወስዳለች፣ እዩት ብላ አሳየችኝ። ከመተማ ማዶ ካሉ ነጋዴዎች ጋር ብዙ ዘመን ሠርቻለሁ። ድንበሩ ላይ ነገር ሲበላሽ ቀድሞ ሽማግሌ የሚልከው ነጋዴው ነው፤ እህሉ መጋዘን ውስጥ ሲበሰብስ ዝም ብሎ የሚያይ የለም። ንግድ ያላቸው ሰዎች ቶሎ አይዋጉም። ሊበራሎቹ ይህን የሚሉ ከሆነ እኔ ከእነሱ ጋር ነኝ። ጣሊያንና እንግሊዝ አይነግዱም ነበር?

የአዘዞው መምህር

ጋሼ፣ ይነግዱ ነበር፤ ያነሡትም ደንበኛ የሊበራሎች ክርክር ነው። ጣሊያን ከሰል የላትም ማለት ይቻላል። ብዙውን ከእንግሊዝ፣ በተለይ ከዌልስ ታመጣ ነበር። እንግዲህ እንደ እርስዎ አነጋገር ይህ ያስተሳስራቸው ነበር። ነገር ግን ማዕቀቡ ሲመጣ ሙሶሊኒ ፊቱን ወደ ጀርመን ከሰል አዞረ። የዌልስ ከሰል አውጪዎች ገበያቸውን አጡ፤ ጣሊያን ግን ብርድ አልገደላትም፣ ይልቁንም ከሂትለር ጋር ተሳሰረች። ንግዱ ያስተሳሰራቸው ሌላ ሻጭ እስኪገኝ ድረስ ነበር።

ሰሊጥ ነጋዴ

ይህስ እውነት ነው። በሱዳን በኩል ሲዘጋ እኛም ጭነቱን ወደ ጅቡቲ አዞርነው። ኪሳራ አለው፣ ግን ይሄዳል። ማዶ ያለው ደንበኛችን ነው የተጎዳው፤ እሱ ሌላ ሻጭ በቅርብ የለውም። ለካ ማን ማንን የበለጠ ይፈልጋል የሚለው ነው ነገሩ።

ሁለተኛ ዲግሪ

መምህር፣ በአክብሮት ልከራከርዎት። የማራኪን የመጀመሪያ ጥያቄ አልፈነዋል፦ ማዕቀቡ ጭራሹን ለምን ተጣለ? የሪያሊስቱ ትረካ ሙሉ ቢሆን ኖሮ ለንደን በኦክቶበር ዝም ማለት ነበረባት። ዝም ያላለችው በመራጩ ምክንያት ነው። ከ1934 መጨረሻ እስከ 1935 አጋማሽ እንግሊዝ ውስጥ በግል ማኅበራት የተካሄደ ትልቅ የሕዝብ አስተያየት መጠይቅ ነበር። ከ11 ሚሊዮን በላይ ሰው መልስ ሰጠ፤ ከ10 ሚሊዮን በላይ የሚሆነው ወራሪን በኢኮኖሚ ማዕቀብ ማስቆምን ደገፈ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ባልድዊን በኖቬምበሩ ምርጫ የቀረበው የማኅበሩ ደጋፊ ነኝ ብሎ ነው።

ከዚያ ዲሴምበር ላይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሆር ከላቫል ጋር በምስጢር ተስማማ። ለጣሊያን ሰፊ መሬት ሊሰጥ፣ ደቡቡ የጣሊያን የኢኮኖሚ ቀጠና ሊሆን፣ ለኢትዮጵያ ደግሞ ወደ አሰብ የሚያወጣ ጠባብ መተላለፊያ ሊወረወርላት። ይህ ንጹሕ የሪያሊስት ድርድር ነው። የፓሪስ ጋዜጦች አወጡት፤ እንግሊዝ ውስጥ ቁጣ ተነሣ፤ ሆር በቀናት ውስጥ ሥልጣኑን ለቀቀ፣ ውሉም ሞተ። አገርን እንደ አንድ ዝግ ሣጥን የሚያይ ንድፈ ሐሳብ ይህን ሊያስረዳ አይችልም። ሣጥኑ ውስጥ ያለው ሰው ነው የጮኸው።

የአዘዞው መምህር

ጥሩ ተናገርሽ፤ የሕዝብ አስተያየቱ ግን ሌላ ጥያቄም ነበረው። ወራሪን አስፈላጊ ከሆነ በጦር ማስቆምስ ሲባሉ ደጋፊዎቹ ወደ 7 ሚሊዮን ገደማ ወረዱ። ማዕቀብ ይጣል፣ ጦርነት አይምጣ ነው ያሉት። መንግሥትም ያንኑ ሰጣቸው። ደግሞም ሆር ሄደ፣ ኤደን መጣ፤ ነዳጁ ግን አሁንም አልተከለከለም። ሰውየው ተለወጠ፣ ስሌቱ አልተለወጠም። ጩኸቱ አሳፋሪውን ውል አስቀረ፤ የጣሊያንን መኪና ግን አላስቆመም።

ሁለተኛ ዲግሪ

ውሉ መቅረቱን አቃለሉት። ያ ውል ቢጸድቅ ኢትዮጵያ በገዛ ፊርማዋ መሬቷን የለቀቀች አገር ትሆን ነበር፤ በ1941 «ይመለስልኝ» የምትለው ምን ነበራት? ስላልፈረመች ወረራው ወረራ ሆኖ ቀረ። አሜሪካ፣ ሶቪየት ኅብረት፣ ሜክሲኮ የጣሊያንን ግዛት ዕውቅና አልሰጡትም። አዲስ አበባ ያለው የሜክሲኮ አደባባይ ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። ሜክሲኮ ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ ምን ጥቅም ነበራት? ትልቅ ጎረቤት ያላት አገር ስለሆነች፣ ድንበር በጉልበት አይለወጥም የሚለው ሕግ ለራሷ ያስፈልጋታል። ሊበራሎች ጥቅም የሚሉት ይህን ዓይነቱን ነው።

የአዘዞው መምህር

የሜክሲኮውን እቀበላለሁ። እንግሊዝ ግን በ1938 የጣሊያንን ንጉሠ ነገሥትነት ዕውቅና ሰጠች፤ ፊርማ አለመኖሩ አላገዳትም። ጦሯን ወደ እኛ ያዞረችውም ሙሶሊኒ ጁን 10፣ 1940 ጦርነት ካወጀባት በኋላ ነው። ለአምስት ዓመት ያልተገኘው እርዳታ ጠላቷ ሲሆን በወራት ውስጥ ተገኘ። ይህን ከሪያሊስቱ የተሻለ የሚያስረዳ አላየሁም። አንቺና እኔ እዚህ ላይ አንስማማም፤ ተማሪዎቹ ሁለቱንም ያቅርቡት።

የቋራ አርበኛ ልጅ ልጅ

ስለ ጄኔቭና ለንደን ስታወሩ ጎንደርን ረሳችኋት። ስታራቼ ከኤርትራ በኩል ተነሥቶ ኤፕሪል 1፣ 1936 ጎንደር የገባው በመኪና በተጫነ ጦር ነው፤ ያውም ማይጨው በተዋጉ ማግሥት። በዚያ አቀበት፣ በዚያ ርቀት ያ ሁሉ የጭነት መኪና በምን ሄደ? በነዳጅ። ከማዕቀቡ የቀረው ነገር ምን እንደሆነ ለማየት እዚሁ ከተማችን ላይ የሆነውን ማየት ይበቃል።

ሌላው፦ አያቴ አምስት ዓመት ዱር ውለዋል። በሁለቱም ንድፈ ሐሳቦቻችሁ ውስጥ አያቴ የሉም። «ኢትዮጵያ ተሸነፈች፣ እንግሊዝ መጣች፣ ነጻ ወጣች» ትላላችሁ። ጣሊያን ከየምሽጉ ርቆ እንዳይወጣ፣ መንገዱን እንዳይጠቀምበት ያደረገው ማን ነው? እንግሊዝ ስትመጣ ያገኘችው የደከመ ጠላት ነው። የጣሊያኑ ጄኔራል ናሲ እዚህ ጎንደር እጁን የሰጠው ኖቬምበር 27፣ 1941 ነው፤ ጃንሆይ አዲስ አበባ ከገቡ ከስድስት ወር በላይ ቆይቶ። ቁልቋልበር ላይ የሞቱት ሰዎች በየትኛው ስሌት ነው የሚገቡት?

የአዘዞው መምህር

ወንድሜ፣ ይህ ጥያቄ ትክክለኛ ነው፤ ሙሉ መልስም የለኝም። ሁለቱም ወገኖች ዋና ተዋናይ የሚያደርጉት መንግሥትን ነው። በ1936 አጋማሽ የኢትዮጵያ መንግሥት በስደት ነበር፤ እንደ ንድፈ ሐሳቡ ከጨዋታው ወጥቷል። አርበኛው ግን ቀጠለ። ሪያሊስቱ «ወራሪ የሚያወጣው ዋጋም የኃይል ቁጥር ነው» ብሎ ሊያስገባው ይሞክራል። ይሁን፤ ግን ይህን የሚለው ከሆነ በኋላ ነው። በ1936 የኃይል ሚዛን የቆጠረ ሁሉ ነገሩ አብቅቷል ብሎ ነበር። ሰኔ ላይ ጃንሆይ ጄኔቭ ተናገሩ፤ በሐምሌ ማዕቀቡ ተነሣ።

ማራኪ፣ ይህን የወንድማችንን ጥያቄ መጨረሻ ላይ እንደ ጥያቄ አንሡት። መልስ ካላችሁ ብቻ መልሱ።

የፋሲል ጥላ

አንድ ነገር ልጨምር። ለሪያሊዝም ዋነኛ ምስክር የሚሆነው ካር ነው። በ1936 ከእንግሊዝ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ በ1939 ባሳተመው መጽሐፍ ማኅበሩን ያቆሙትን ሰዎች «ምኞታቸውን እንደ እውነታ ወሰዱ» ብሎ ተቻቸው። መጽሐፉን ሲጽፍ የማዕቀቡን መክሸፍ ዓይኑ እያየ ነው። ይህ አይበቃም?

ሁለተኛ ዲግሪ

ካር ጥሩ ምስክር ነው፤ ግን መጽሐፉን እስከ መጨረሻው አንብበው። ጉልበትን ብቻ የሚቆጥር ፖለቲካም መቆሚያ የለውም ይላል፤ ምኞት የሌለው ሪያሊዝም የት መሄድ እንዳለበት አያውቅም ነው የሚለው። የእሱን ግማሽ ብቻ መጥቀስ ልማድ ሆኗል።

ማራኪ ግቢ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከቡድኔ ጋር ተነጋግረናል። በ1926 የጣናው አቤቱታ እንጀምራለን፣ ከዚያ 1935ን እናቀርባለን። ነዳጁ የቀረበትን ምክንያት በፈረንሳይ ፍርሃት፣ ማዕቀቡ ጭራሹን የተጣለበትን ደግሞ በእንግሊዝ መራጭ እናስረዳለን። ያ «ሪያሊዝም አሸነፈ» ያለው ልጅ ሆርና ላቫልን ሊይዝ ተስማምቷል።

የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። ነዳጁ ቢከለከል ኖሮ ጣሊያን በእርግጥ ትቆም ነበር? መምህራችን «በምን ታውቃላችሁ?» ማለታቸው አይቀርም።

የአዘዞው መምህር

ሁለት ማስረጃ አለ፤ ሁለቱም ጎደሎ ነው። አንደኛው ሙሶሊኒ በ1938 ለሂትለር «ማዕቀቡ እስከ ነዳጅ ቢደርስ በሳምንት ውስጥ ከኢትዮጵያ በወጣሁ ነበር» ማለቱ ነው። ይህን የነገረን አስተርጓሚው ሽሚት ነው፤ የጻፈውም ከጦርነቱ በኋላ በትዝታ ነው። ደግሞ ሙሶሊኒ ለሂትለር ሲናገር የእንግሊዝና የፈረንሳይን ፈሪነት ማጋነን ይፈልግ ነበር። ስለዚህ ፍርሃቱን ያሳያል እንጂ የሳምንቱን ልክ አያረጋግጥም።

ሁለተኛው የባለሙያዎቹ ስሌት ነው። እስቲ ራሳችሁ ቁጠሩት። እገዳው ዲሴምበር 12 ቢወሰን ኖሮና ክምችቱ በሦስት ወር ተኩል የሚያልቅ ቢሆን፣ ማለቂያው የማርች መጨረሻ ገደማ ነው። ማይጨው የተደረገው ማርች 31 ነው። በፌብሩዋሪ ከተወሰነ ደግሞ አዲስ አበባ ሜይ 5 ከተያዘች በኋላ ይደርሳል። እንግዲህ ነዳጁ ማለቁ ብቻውን ጦርነቱን በጊዜው ላያስቆመው ይችል ነበር። ሊያስቆመው የሚችለው፣ ያልቃል የሚለው ሥጋት አስቀድሞ ሮም ላይ የሚያመጣው ጭንቀት ነበር። ያም ቢሆን የአሜሪካ ነጋዴ እንደማይሸጥ እርግጠኛ መሆን ይጠይቃል፤ ዋሽንግተን የጠየቀችው «በፈቃዳችሁ ተቆጠቡ» ብላ ብቻ ነው፣ ወደ ጣሊያን የሚሄደው የአሜሪካ ነዳጅም ጨምሮ ነበር።

ሁለተኛ ዲግሪ

እኔ ደግሞ ነዳጁ ላይ ብቻ አትቁሙ እላለሁ። የጣሊያን ወታደርና ጥይት ሁሉ ያለፈው በስዊዝ ቦይ ነው፤ ቀረጥ እየከፈለ። ለዚያ የአሜሪካ ፈቃድ አያስፈልግም ነበር፤ የእንግሊዝ ጦር እዚያው ግብፅ ውስጥ ነበር። አልተዘጋም። የተሰጠው ምክንያት የ1888ቱ የቁስጥንጥንያ ውል ቦዩ በጦርነትም ጊዜ ለሁሉም ክፍት ይሁን ይላል የሚል ነው። ሌሎች ደግሞ አንቀጽ 16 ከዚያ ውል ይበልጣል ብለው ተከራክረዋል። መምህር ቦዩ ያልተዘጋው ከጣሊያን ጋር መዋጋት ተፈርቶ ነው እንደሚሉ አውቃለሁ። እኔ ግን ፍርሃቱ እንኳ ሕግ መጥቀስ ለምን አስፈለገው ብዬ እጠይቃለሁ። ማራኪ፣ ይህን ጥያቄ ለክፍሉ ጣሉላቸውና ሁለቱ ወገኖች ምን እንደሚመልሱ ተመልሰሽ ጻፊልን።